የሚጠፋ መልእክት በዋትሳፕ፣ በቴሌግራም እና በሲግናል፦ የትኛው ምኑን ያጠፋል?

አዲስ አበባ ያለች እህት ሪያድ ለሚኖር ወንድሟ የፓስፖርቷን ፎቶ መላክ አለባት እንበል። ወንድሟ ቁጥሩን አይቶ ቅጽ ይሞላበታል፤ ከዚያ በኋላ ግን ፎቶው በማንም ስልክ ላይ ተቀምጦ እንዲከርም አትፈልግም። ስለዚህ የሚጠፋ መልእክት ታበራለች። የትኛው መተግበሪያ ላይ ብታበራው ይሻላል? ሰዓቱ ሲያልቅስ በእርግጥ የሚጠፋው ምኑ ነው?

በመጀመሪያ የዚህን ነገር ጥቅም ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። የሚጠፋ መልእክት የሚያገለግለው ላኪም ተቀባይም እንዲጠፋ ሲፈልጉ ነው። ስልኩ ከወር በኋላ ቢሰረቅ፣ ለጥገና ቢሰጥ፣ ለሌላ ሰው ቢሸጥ ወይም ፍተሻ ላይ ቢከፈት የቆየው ንግግር እዚያ አይገኝም። ተቀባዩ ራሱ ማስቀረት ከፈለገ ግን ሰዓት ቆጣሪው አያግደውም። ሲግናልም ዋትሳፕም ይህን ራሳቸው በግልጽ ይናገራሉ፤ የሚያምኑት ሰው ጋር ብቻ ይጠቀሙበት ይላሉ። እንግዲህ ምርጫው «ማን ከክፉ ተቀባይ ይጠብቀኛል» በሚለው ላይ ሳይሆን፣ ቅን የሆነ ተቀባይ ሳያውቀው የሚያስቀራቸውን ቅጂዎች የትኛው ይቀንሳል በሚለው ላይ ነው የሚቆመው።

ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው መቼ ነው?

ሦስቱ መተግበሪያዎች በጣም የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ዋትሳፕ ላይ ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው መልእክቱ ከተላከበት ቅጽበት ነው። የሚመረጡት ጊዜያት 24 ሰዓት፣ 7 ቀን እና 90 ቀን ናቸው። ለማብራት ንግግሩን ከፍተው የሰውየውን ስም ይነኩና Disappearing messages የሚለውን ገብተው ጊዜ ይመርጣሉ። ከዚያ በፊት የተላኩት መልእክቶች አይነኩም፤ አሮጌዎቹን በእጅ ማጥፋት የእርስዎ ሥራ ነው። አሁን ወንድሟ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ስልኩን በነፃነት የሚይዝ ሠራተኛ ነው ብለን እናስብ። እህቱ 24 ሰዓት ብላ ቅዳሜ ማታ ብትልክለትና እሱ ዋትሳፑን የሚከፍተው ዓርብ ቢሆን፣ መልእክቱ ሳይነበብ ጠፍቶ ይጠብቀዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቤት ውስጥ ለሚሠሩ ዘመዶች የሚልክ ሰው ለዋትሳፕ 7 ቀንን ቢመርጥ የተሻለ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሲግናል ላይ በላኪው ስልክ ሰዓቱ የሚጀምረው ሲላክ ነው፤ በተቀባዩ ስልክ ግን የሚጀምረው መልእክቱን ሲያነበው ነው። ስለዚህ 1 ሰዓት ብለው ቢያስተካክሉት ከእርስዎ ስልክ ላይ በሰዓቱ ይጠፋል፤ ወንድም ግን ከሦስት ቀን በኋላም ቢከፍተው አንድ ሙሉ ሰዓት ያገኛል። ጊዜውም ከ30 ሰከንድ እስከ 4 ሳምንት ካሉት ምርጫዎች ይወሰዳል፤ ከፈለጉም የራስዎን ያስገባሉ። ሰዓቱን አጭር ማድረግ የሚቻለው መልእክቱ ሳይነበብ የማይጠፋ ሲሆን ብቻ ስለሆነ፣ ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት ዋጋው ትልቅ ነው።

ቴሌግራም ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉት፤ ሰውም አንዱን ከሌላው ያምታታል። የመጀመሪያው በተለመደው ንግግር ላይ የሚበራው Auto-Delete ነው፦ 1 ቀን፣ 1 ሳምንት፣ 1 ወር ወይም ሌላ ጊዜ ይመረጥለታል፤ ቆጠራውም ከተላከበት ጀምሮ ነው። ይህ ንግግር የሚቀመጠው በቴሌግራም ሰርቨር ላይ ሲሆን ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም። ሰዓቱ እስኪያልቅ ድረስ መልእክቱ በቴሌግራም እጅ አለ ማለት ነው፤ መለያዎ በገባበት ኮምፒውተርና ታብሌት ሁሉ ላይም ይታያል። ሁለተኛው ሴክሬት ቻት የሚባለው ነው። የሰውየውን ፕሮፋይል ከፍተው ሦስቱን ነጥቦች ነክተው Start Secret Chat ይላሉ። ይህኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ ነው፤ ሰዓቱ ከ1 ሰከንድ እስከ 1 ሳምንት ይሞላል፤ ቆጠራው የሚጀምረውም ተቀባዩ መልእክቱን ሲያየው ነው፤ ሲያልቅ ከሁለቱም ስልክ ይጠፋል። ገደቡ ደግሞ ለሁለት ሰው ብቻ መሆኑ፣ በጀመሩበት ስልክ ላይ ብቻ መኖሩ እና ከመለያዎ ሲወጡ አብሮ መጥፋቱ ነው። ስልክ ለመቀየር ያሰበ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

ባክአፑ ከሰዓቱ ይቀድማል

የዋትሳፕን ጉዳይ ሰፋ አድርገን እንመልከተው፤ በብዙ ኢትዮጵያዊ ስልክ ላይ ትልቁ ቀዳዳ ይህ ነውና።

እህት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ፎቶውን በ24 ሰዓት ቆጣሪ ላከች። ወንድም ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ከፈተው፤ አዲስ አበባና ሪያድ ሰዓታቸው አንድ ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንድሮይድ ስልክ ላይ ያለ ዋትሳፕ በራሱ ስልኩ ውስጥ ባክአፕ ይሠራል። በየቀኑ ወደ ጉግል መለያ እንዲሄድ ከተስተካከለም ያው ንግግር ወደዚያ ይጫናል። ያን ጊዜ መልእክቱ ገና 5 ሰዓቱ ነው፤ ስለዚህ ባክአፑ ውስጥ ይገባል። በማግስቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ከንግግሩ ይጠፋል፤ የትናንት ሌሊቱ ፋይል ግን አለ። ስልኩ ውስጥ የሚሠሩት ባክአፖች የመጨረሻዎቹ 7 ቀናት ያህል ይቆያሉ።

ዋትሳፕ ያንን ባክአፕ መልሶ ሲጭን ጊዜው ያለፈበትን መልእክት ያጠፋዋል። በተለመደው መንገድ ስልክ የቀየረ ሰው አሮጌው ፎቶ ተመልሶ አያገኘውም። ችግሩ የሚመጣው ፋይሉ በሌላ ሰው እጅ ሲገባ ነው፦ የጉግል ወይም የአይክላውድ መለያው ሲሰበር፣ ወይም ባክአፑ ሳይመሰጠር ተቀምጦ ኩባንያው በሕግ ሲጠየቅ።

ለዚህ ያለው መፍትሔ ከ2021 ጀምሮ የመጣው የተመሰጠረ ባክአፕ ነው። Settings ከዚያ Chats ከዚያ Chat backup ገብተው End-to-end encrypted backup የሚለውን ያበራሉ። የይለፍ ቃል ወይም ባለ 64 አሃዝ ቁልፍ ይጠየቃሉ። የይለፍ ቃሉ ከጠፋብዎ ባክአፑን ከዋትሳፕም ቢሆን ማስመለስ አይቻልም፤ ወረቀት ላይ ጽፎ ከስልኩ ውጭ ማስቀመጥ ይገባል። ደግሞም የእርስዎን ባክአፕ መመስጠርዎ የወንድምዎን አይነካም። ሁለታችሁም ካላበራችሁት ቀዳዳው በአንደኛው ወገን ክፍት ነው፤ ከመላክዎ በፊት ደውለው «የአንተ በርቷል?» ብሎ መጠየቅ ከየትኛውም ቆጣሪ ይበልጣል።

ቴሌግራም ላይ የባክአፕ ጥያቄው መልኩ ይለያል። ተራው ንግግር ራሱ ሰርቨር ላይ ስለሚኖር የስልክ ባክአፕ አይሠራለትም፤ ነገር ግን በኮምፒውተር ላይ ባለው ቴሌግራም ንግግሩን ሙሉ በሙሉ ወደ ፋይል ማውጣት ይቻላል። ሰዓቱ ከማለቁ በፊት የወጣው ፋይል እንደወጣ ይቀራል። ሴክሬት ቻት በዚህ አይወጣም። ሲግናል ደግሞ ንግግሩን ወደ አይክላውድ ባክአፕ አያስገባም፤ በ2025 ያመጣው የራሱ ባክአፕም የተመሰጠረ ነው፤ አንዴ ብቻ የሚታዩትንና በሚቀጥሉት 24 ሰዓታት የሚጠፉትን መልእክቶችም አያካትትም። በዚህ መስፈርት ብቻ ከለካን ሲግናል ይቀድማል፣ የቴሌግራም ሴክሬት ቻት ይከተለዋል፣ ዋትሳፕ ባክአፑ ከተመሰጠረ ሦስተኛ ይሆናል፤ ተራው ቴሌግራም መጨረሻ ነው።

ጋለሪውና ማሳወቂያው

የፓስፖርቱ ፎቶ መጀመሪያ የተነሳው በእህት ካሜራ ነው። ከንግግሩ ቢጠፋም ጋለሪዋ ውስጥ አለ። ከጋለሪ ብታጠፋውም ጉግል ፎቶስ ላይ ከተጫነ በቆሻሻ መጣያው ውስጥ 60 ቀን ይቆያል፤ አይፎን ላይ ደግሞ Recently Deleted ውስጥ 30 ቀን ያህል ይቀመጣል። ሁለቱንም ገብቶ ባዶ ማድረግ ያስፈልጋል። የተሻለው መንገድ በመተግበሪያው በራሱ ካሜራ አንስቶ መላክ ነው፤ ከዚያ ጋለሪ ውስጥ እንዳልገባ ከፍቶ ማየት።

በተቀባዩ በኩል ፎቶ በራሱ ወደ ጋለሪ እንዲገባ የተከፈተ እንደሆነ፣ ቆጣሪው ንግግሩን ቢያጸዳም የጋለሪውን ቅጂ አይነካውም። ዋትሳፕ ላይ Settings ውስጥ Chats ገብቶ Media visibility ማጥፋት፣ ቴሌግራም ላይ Data and Storage ውስጥ Save to Gallery ማጥፋት ነው። ይህን ማስተካከል ያለበት ተቀባዩ ነው፤ ላኪ ከሩቅ ምንም ማድረግ አትችልም።

ጽሑፍ የምትልክ ከሆነ፣ የይለፍ ቃል ወይም የባንክ ኮድ ለምሳሌ፣ ማሳወቂያውን ማሰብ አለባት። አንድሮይድ 11 እና ከዚያ ወዲህ ያሉ ስልኮች Notification history የሚባል አላቸው፤ ከተበራ የ24 ሰዓት ማሳወቂያዎችን ከነጽሑፋቸው ይዞ ያቆያል። አጭር ሰዓት ተሞልቶለት ከንግግሩ የጠፋ መልእክት እዚያ ሊነበብ ይችላል። ሲፈጠር ጠፍቶ የሚመጣ ቢሆንም ሰው አብርቶት ይረሳዋል። Settings ውስጥ Notifications ገብቶ ማየት በቂ ነው። ማሳወቂያን እንዲያነቡ ፈቃድ የተሰጣቸው ሌሎች መተግበሪያዎች ደግሞ ከ24 ሰዓት በላይ ሊያስቀምጡት ይችላሉ። ሲግናል ላይ Notifications ከዚያ Show ገብቶ No name or message ማድረግ ይህን በር ይዘጋል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው ጥቅስ ነው። ዋትሳፕ ላይ አንድ የሚጠፋ መልእክት ተጠቅሶ መልስ ሲሰጥበት፣ ዋናው ቢጠፋም የተጠቀሰው ጽሑፍ ከመልሱ ጋር ሊቆይ ይችላል። ቆጣሪ ወደሌለው ንግግር የተላለፈ መልእክትም እዚያ አይጠፋም። ወንድም ፎቶውን ለጉዳይ አስፈጻሚ ካስተላለፈው የ24 ሰዓቱ ውል በዚያ አበቃ። ዋትሳፕ በ2023 ያመጣው Keep in chat ግን ከዚህ ይለያል፦ ተቀባዩ መልእክቱን አስቀርቶ ቢይዝ ላኪዋ ይነገራታል፤ መከልከልም ትችላለች።

ስክሪንሾት

ዋትሳፕ የሚጠፋ መልእክት ያለበት ንግግር ስክሪንሾት ሲነሳ አያግድም፤ ለላኪም አይነግርም። የሚያግደው View once ተብሎ፣ ማለትም አንዴ ብቻ እንዲታይ ሆኖ የተላከ ፎቶና ቪዲዮ ላይ ብቻ ነው። ለፓስፖርቱ ፎቶ በዋትሳፕ ከተላከ View once የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ሳይከፈት 14 ቀን ከሞላው ደግሞ በራሱ ያበቃል። ሳይከፈት ባክአፕ ከተሠራ ግን ከባክአፑ ሊመለስ እንደሚችል ይታወስ።

ቴሌግራም በሴክሬት ቻት ውስጥ አንድሮይድ ላይ ስክሪንሾት ያግዳል፤ አይፎን ላይ አያግድም፣ ንግግሩ ውስጥ ግን መነሳቱን ለመናገር ይሞክራል። በአንዳንድ ስልኮች ላይ ይህን የሚያረጋግጥ መንገድ እንደሌለ ቴሌግራም ራሱ ያምናል። ሲግናል አንድሮይድ ላይ Screen security የሚባል አለው፤ ይህ ግን የራስዎን ስልክ የሚመለከት ነው፤ የእርስዎን መልእክት ተቀባዩ በስልኩ እንዳያነሳ አይከለክልም፤ ማስጠንቀቂያም አይልክም።

በማናቸውም ላይ ደግሞ በሌላ ስልክ ስክሪኑን ፎቶ ማንሳት ይቻላል። ለዚህ ምንም ዓይነት ማስተካከያ የለም፤ አይኖርምም።

የ2025 ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። በመጋቢት 2025 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የአሜሪካ መንግሥት ከፍተኛ ባለሥልጣናት በየመን ሁቲዎች ላይ ስለሚደረግ ጥቃት በሲግናል ቡድን ውስጥ ተነጋገሩ። የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪው ማይክ ዋልትዝ የአትላንቲክ መጽሔት ዋና አዘጋጅ የሆነውን ጄፍሪ ጎልድበርግን በስህተት ቡድኑ ውስጥ አስገቡት። አንዳንዶቹ መልእክቶች በአንድ ሳምንት፣ አንዳንዶቹ በአራት ሳምንት እንዲጠፉ ተስተካክለው ነበር። ጎልድበርግ ሲያነብ ስክሪንሾት አነሳ፤ መጽሔቱም አወጣው። የሲግናል ምስጠራ አልተሰበረም፣ ቆጣሪውም በትክክል ይሠራ ነበር። የተሳሳተው የቡድኑ የስም ዝርዝር ነው። ስለዚህ ቡድን ውስጥ ከመጻፍዎ በፊት አባላቱን አንድ በአንድ ማየት ቆጣሪ ከመሙላት ይቀድማል።

የተቀየረ መተግበሪያ

ቆጣሪው የሚሠራው በሁለቱም ስልክ ላይ ያለው መተግበሪያ ትእዛዙን ሲያከብር ነው። መልእክቱ ተቀባዩ ስልክ ላይ ከደረሰ በኋላ የሚያጠፋው የእሱ መተግበሪያ ነውና። በአገራችን ሰው ዘንድ ብዙ የሚጫነው ጂቢ ዋትሳፕ የመሳሰለው የተቀየረ ዋትሳፕ የተሰረዘን መልእክት ይዞ የማቆየት፣ View once የሆነን ፎቶ የማስቀመጥ አማራጭ ይዞ ይመጣል። ተጠቃሚው ቀለሙንና ሁለት ቁጥር ማስገባቱን ወዶ ሊጭነው ይችላል፤ መልእክትዎ እንደማይጠፋ እሱም ላያውቅ ይችላል። ከላኪ ወገን ይህን የሚለዩበት ምልክት የለም። ስለዚህ መጠየቅ ነው፦ «ዋትሳፕህን ያወረድከው ከፕሌይ ስቶር ነው ወይስ ሰው በፋይል ልኮልህ ነው?» በፋይል ከሆነ የሚጠፋ መልእክት እንደሌለ ቁጠሩት።

እንግዲህ የትኛውን?

ለፓስፖርት፣ ለመታወቂያ፣ ለይለፍ ቃል እና ለመሳሰለው፣ ወንድምም ሲግናልን ለመጫን ፈቃደኛ ከሆነ ሲግናል ይሻላል፤ ሰዓቱ 1 ሰዓት ቢሆን በቂ ነው። ሲነበብ ስለሚጀምር ዘግይቶ ቢከፍተውም አይጎዳም። አንድ ሰው ለአንድ ፎቶ አዲስ መተግበሪያ እንዲጭን ማስቸገር ከባድ ከሆነ፣ ሁለታችሁም ቴሌግራም ያላችሁ እንደሆነ ሴክሬት ቻት ጥሩ ምትክ ነው፤ ሁለቱም ወገን አንዴ ኢንተርኔት ላይ መገናኘት አለባቸው እንጂ ሌላ ድካም የለውም። ዋትሳፕ ብቻ ካለ ደግሞ ፎቶውን በView once፣ ጽሑፉን በ7 ቀን ልኮ የሁለቱንም ባክአፕ መመስጠር ነው። ተራውን ቴሌግራም Auto-Delete ለዚህ ሥራ አልመክርም፤ እሱ የሚያምረው ብዙ ወሬ የሚበዛበትን የቤተሰብ ንግግር ለማቅለልና የስልክ ቦታ ለማትረፍ ነው።

ለዘወትር ንግግር፣ ሰው ሁሌ ማብራቱን ስለሚረሳ፣ ለአዲስ ንግግሮች ሁሉ አስቀድሞ ማስተካከል ይሻላል። ዋትሳፕ ላይ Privacy ውስጥ Default message timer፣ ሲግናል ላይ Privacy ውስጥ Disappearing messages፣ ቴሌግራም ላይ Privacy and Security ውስጥ Auto-Delete Messages ነው። ለዚህ ዓላማ 4 ሳምንት ወይም 90 ቀን ይበቃል፤ አድራሻና ቀጠሮ ለመፈለግ ወደ ኋላ መመለስ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለና።

ሲጠፋ የሚጎዳ ነገር

የደመወዝ ስምምነት፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ብድር፣ በሰው እጅ የተላከ ገንዘብ እና ከቅጥር ኤጀንሲ ጋር የሚደረግ ንግግር በሚጠፋ መልእክት መሆን የለበትም። ኤጀንሲው ወይም አሠሪው ቆጣሪ ካበራ ንግግሩ መሃል ላይ ማን እንዳበራው የሚናገር መስመር ይታያል። ዋትሳፕ ላይ በሁለት ሰው ንግግር ውስጥ ማንኛችሁም ማጥፋት ትችላላችሁ፤ ነገር ግን ቆጣሪው በርቶ ሳለ የተላኩት እንደተወሰነላቸው ይጠፋሉ። ስለዚህ ያን መስመር ባዩ ጊዜ ቆጣሪውን ከማጥፋትዎ በፊት እስከዚያ ድረስ ያለውን ንግግር ከነስሙ፣ ከነቁጥሩ እና ከነቀኑ ስክሪንሾት ያንሱ፤ ምስሉንም ለሚያምኑት ዘመድ ይላኩ። ዛቻም እንዲሁ ነው፦ መጀመሪያ ምስሉን ያስቀሩ፣ ከዚያ ሪፖርት ያድርጉ። ዋትሳፕ ላይ አንድን ሰው ሪፖርት ሲያደርጉ የመጨረሻዎቹ 5 መልእክቶች ወደ ዋትሳፕ ይሄዳሉ፤ ዛቻው ከጠፋ በኋላ የተደረገ ሪፖርት ግን ዛቻውን ይዞ አይሄድም።